ለመሪው አንድ፣ ለበረዶው ሌላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ ከዴንቨር ወደ ቬይል የሚወጣው አውራ ጎዳና በበረዶና በመኪና ግጭት ምክንያት ተዘጋ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያነሳኋቸው አምስት መንገደኞች አብረውኝ ነበሩ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው በረዶ አባርቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐዩም ወጥቷል። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ከመኪና ውጭ ቆየሁ። ጎማ ላይ ሰንሰለት አሰርኩ፣ የተቀበሩ መኪኖችን ከሌሎች ጋር ገፋሁ፣ በአካፋ በረዶ ዛቅሁ። ዓይኔ ላይ በደህና ዋጋ የገዛሁት ጥቁር መነጽር ነበር፤ ስለዚህ ስለ ዓይኔ አላሰብኩም።

ማታ አውሮራ ቤቴ ገብቼ እራት ስበላ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰለኝ። እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ፤ እንባዬ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ የኮሪደሩ መብራት እንደ መርፌ ይወጋኛል። በማግስቱ የዓይን ሐኪሟ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየችኝና ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። ፀሐይ ቆዳን እንደምታቃጥል ሁሉ ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን የፊት ሽፋንም ታቃጥላለች። ሕመሙ የሚጀምረው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ፣ ሰው በረዶው ላይ እያለ ምንም አይሰማውም። እንደ እድል ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይድናል፤ የእኔም በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ።

ከዚያ ሐኪሟ መነጽሬን ተቀብላ በመሣሪያ ለካችው። ሌንሱ አልትራቫዮሌት ጨረርን በሚገባ ይከለክላል። ቀጥላ መልሳ ዓይኔ ላይ አደረገችውና ጣቷን በጉንጬና በፍሬሙ መካከል አስገባች፤ ጣቷ ያለ ችግር አለፈ። በጎንም እንዲሁ። ብርሃኑ ሌንሱን ሰብሮ አልገባም፤ ዞሮ ነው የገባው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱን በተራራ መንገድ ለሚያሳልፉ የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። መሪ ላይ የሚጠቅመው መነጽርና በረዶ ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው መነጽር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ማድረግ ጉዳት አለው፤ እኔ ሁለቱንም ስህተት ሠርቻለሁ።

በረዶ ዓይንን ለምን እንዲህ ይጎዳል? አገር ቤት ፀሐይ የምትመጣው ከላይ ነው። ቅንድባችንና ሽፋሽፍታችን፣ ባርኔጣም ካደረግን ባርኔጣው፣ የላዩን ብርሃን ይጋርዱልናል። ሣርና አፈር ከሚያርፍባቸው አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመልሱት ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። አዲስ የወረደ በረዶ ግን እስከ ሰማንያ እጅ ይመልሳል። ስለዚህ በረዶ ላይ የቆመ ሰው ከላይ ያለችው ፀሐይ ሳትበቃው ከእግሩ ስር ሌላ ፀሐይ ተነጥፋለታለች፤ ከታች ለሚመጣው ደግሞ ቅንድብ አይረዳም። ከፍታው ሲጨመርበት ይብሳል። ጨረሩ በየሺህ ሜትሩ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህ መንገድ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል።

ለዚህ መድኃኒቱ የጎን መከለያ ነው። የበረዶ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚያደርጉት መነጽር በሁለቱም ጎን ቆዳ ወይም ፕላስቲክ ያለው፣ ከታችም ጉንጭ ላይ የሚጠጋ ነው። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን መስታወት ፊት ቁሙና የስልካችሁን መብራት በጆሮ በኩል፣ ከዚያም ከአገጭ ስር ወደ ላይ አብሩት። መብራቱ በቀጥታ ዓይናችሁ ላይ ሲያርፍ ካያችሁ የበረዶው ብርሃንም በዚያው መንገድ ይገባል።

እኔም ይህን ሰምቼ የጎን መከለያ ያለውን፣ ከሁሉም የጠቆረውን ገዛሁ። ሁለተኛው ስህተቴ እሱን አድርጌ መንዳቴ ነበር።

የሌንስ ጥቁረት ከ0 እስከ 4 በምድብ ይከፈላል። ምድብ 2 ከሚያርፍበት ብርሃን ከ18 እስከ 43 እጅ ያሳልፋል። ምድብ 3 ከ8 እስከ 18፣ ምድብ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 8 ብቻ። በአውሮፓ መለኪያ የተሠሩት ቁጥሩን አብዛኛውን ጊዜ ከዘንጉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወይም አብሮት ባለው ወረቀት ላይ ያሳያሉ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ግን ብዙዎቹ ቁጥሩን አይጽፉም፤ ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፈው ስንት እጅ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምድብ 4 ለመንዳት አይፈቀድም፤ ምልክቱም የተሰረዘ መኪና ሥዕል ነው። የእኔም ወረቀት ላይ ነበረ፤ ልብ አላልኩትም።

ለምን እንደማይፈቀድ የገባኝ ዋሻው አፍ ላይ ነው። መንገዱ ነጭ በነጭ ነው፤ ከዚያ ድንገት ዋሻ። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ለጥቂት ቅጽበት ጠፋብኝ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የመኪናው የፊት መስታወት ራሱ ከመቶ ብርሃን 75 ገደማ ብቻ ያሳልፋል። ምድብ 4 ሌንስ ከዚያ ላይ አምስት እጁን ሲያሳልፍ ዓይኔ የሚደርሰው ከመቶው አራት እንኳ አይሞላም። የዋሻው ውስጥ ብርሃን ደግሞ ከውጭው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በዋሻው ውስጥ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ ማለት በሰከንድ 22 ሜትር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ቢፈጅ፣ 44 ሜትር በጭፍን ተነድቷል።

ያው ሒሳብ በምድብ 3 ሲሠራ፣ 12 እጅ የሚያሳልፍ ሌንስ ከፊት መስታወቱ ጋር ዘጠኝ ይሰጣል። ለጠራ ቀን ይህ በቂ ነው። ደመና ሲሆን ወይም በረዶ እየወረደ ሳለ ምድብ 2 ይሻላል። ሲመሽ ሁሉም ከዓይን ይውረድ፤ ለሌሊት መንዳት እየተባለ የሚሸጠው ቢጫ ሌንስም ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ የሚጠቁረው ሌንስም መኪና ውስጥ ብዙ አይረዳም፤ የሚያጠቁረውን አልትራቫዮሌት የፊት መስታወቱ ያስቀርበታልና።

የጎን መከለያውም መሪ ላይ ይጎዳል። ወደ ግራ ረድፍ ለመግባት በትከሻዬ ስዞር ቆዳው አንድ መኪና ሙሉ ይሸፍንብኝ ነበር። ሰፊ ዘንግ ያለው የፋሽን መነጽርም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ለመንዳት ሌንሱ ሰፊ፣ ዘንጉ ቀጭን የሆነውን ምረጡ። ፊት ለፊት እያያችሁ እጃችሁን ከጆሮ አጠገብ ቀስ እያላችሁ ወደፊት አምጡት፤ መነጽሩን አውልቃችሁም ድገሙት። እጃችሁ የታየበት ቦታ ከተራራቀ ዘንጉ ዕይታ እየከለለ ነው።

ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት ፖላራይዝድ ሌንስስ? ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ወሰን ግን አለው። የቀለጠ በረዶ ያረጠበው አስፋልት፣ የመኪናው ኮፈን፣ ዳሽቦርድ ላይ የተጣለ ወረቀት የሚያንጸባርቁት ብርሃን በአብዛኛው አግድም የተኛ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ ደግሞ እንደ ቋሚ አጥር ነው፤ አግድም የተያዘ ዱላ በእንጨቶቹ መሃል እንደማያልፍ ሁሉ ያን ነጸብራቅ ያስቀረዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚያንጸባርቅ ጠረጴዛ በሌንሱ እያያችሁ መነጽሩን ሩብ ዙር አዙሩት። ነጸብራቁ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ፖላራይዝድ ነው።

ወሰኑን ሁለት ቦታ አይቻለሁ። አንደኛ፣ ስልኬን አግድም ስሰቅለው ካርታው ጠቆረብኝ፤ የብዙ ስልክና የዳሽቦርድ ስክሪን ብርሃንም ፖላራይዝድ ነውና። ስልኩን አቁሜ ስሰቅለው ተስተካከለ፤ በሌላ ስልክ ተቃራኒው ሊሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት። ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። አስፋልት ላይ የተጋገረውን ስስ በረዶ፣ ብላክ አይስ የምንለውን፣ ከሩቅ የሚያጋልጠው ብልጭታው ነው፤ ፖላራይዝድ ሌንስ ደግሞ የሚያጠፋው ያንኑ ብልጭታ ነው። ስለዚህ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ በተለይ በድልድይና ተራራ በጋረደው ጥላ፣ ከሌንሱ በላይ ዓይኔን አሾልኬ መንገዱን አየዋለሁ። ብልጭ የሚል ነገር ካየሁ ፍጥነት እቀንሳለሁ።

አዲስ በረዶ ሜዳ ላይ ግን ፖላራይዝድ መሆኑ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ዱቄት የመሰለው በረዶ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትነው አግድም የተኛው ክፍል ትንሽ ነው። ደግሞም ፖላራይዝድ መሆን አልትራቫዮሌትን መከልከል ማለት አይደለም፤ ጥቁረትም እንደዚያው። ጨረሩን የማይከለክል ጥቁር ሌንስ ብሌንን አስፍቶ ጨረሩን ይበልጥ ያስገባል። ዩቪ 400 የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከተጠራጠራችሁ መነጽር ቤት ሄዳችሁ አስለኩት፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ዳሽቦርዴ ላይ፣ ግራጫ ሌንስና ቀጭን ዘንግ ያለው ምድብ 3 ፖላራይዝድ አለ። ግራጫ የመረጥኩት የትራፊክ መብራት ቀለም እንዳይቀየርብኝ ነው። በሩ ኪስ ውስጥ፣ ከሰንሰለት ማሰሪያው ጓንት ጋር፣ የጎን መከለያ ያለው ምድብ 4 ተቀምጧል። መንገድ ሲዘጋና ስወርድ ጓንቱን ሳወጣ እሱም አብሮ ይወጣል፤ ተመልሼ መሪ ስይዝ ሁለቱም አብረው ይገባሉ።