«ክፈልና ውጣ» የሚለው ምክር እያደኸየን ነው

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ናይሮቢና ካምፓላ የምንነግድ ሐበሾች ግን ጉምሩክ ላይ ስንደርስ አፋችን ይታሰራል። ዕቃችን ከገዛንበት በላይ ተተምኖ ሲመጣ ትራንዚተሩ «ክፈልና ውጣ፣ ከመንግሥት ጋር ምን አጣላህ» ይለናል። እኛም እንከፍላለን። ከዚያ ሱቅ ቁጭ ብለን እናማርራለን። እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ይህ ምክር ስህተት ነው ብዬ ልከራከር መጥቻለሁ።

የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ። ከቻይና 4,000 ፔርሙዝ አስመጣሁ። ዋጋው፣ የመርከብ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ሞምባሳ ድረስ ተደምሮ 12,000 ዶላር፣ ማለትም አንዱ በ3 ዶላር ነው። መርማሪው ኢንቮይሱን አየና «በእኛ መረጃ አንዱ 4.50 ነው» ብሎ 18,000 አደረገው። ቀረጡ በ25 ከመቶ፣ ቫቱ ደግሞ ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ በ16 ከመቶ ይታሰባል። እናም በሌለው 6,000 ዶላር ላይ 1,500 ቀረጥና 1,200 ቫት፣ በድምሩ 2,700 ዶላር ተጫነብኝ። ሌሎቹን ትንንሽ ክፍያዎች አልቆጠርኩም። ከዚያ ጭነት የማገኘው ትርፍ ከዚህ ብዙም አይበልጥም ነበር።

የጉምሩክን ወገን ልካድ አልፈልግም። ዋጋ ዝቅ አድርጎ ኢንቮይስ የሚያሠራ ነጋዴ አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ባለሥልጣኑ መጠራጠርም፣ ማስረጃ አምጣ ማለትም መብቱ ነው። መብቱ ያልሆነው ተጠራጥሬአለሁ ብሎ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ቁጥር መለጠፍ ነው። ኬንያም ዩጋንዳም ታንዛኒያም የሚሠሩበት አንድ ሕግ አለ፦ የ2004 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ አስተዳደር ሕግ። በዚህ ሕግ አራተኛ ሠንጠረዥ መሠረት መነሻው በእርግጥ የተከፈለው ወይም የሚከፈለው ዋጋ ነው። እሱ በምክንያት ውድቅ ከሆነ ብቻ ወደ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ይኬዳል። ያም ቢሆን ዕቃው በእርግጥ ተመሳሳይ፣ ጊዜው የተቀራረበ፣ የግዢው መጠንና ደረጃም የሚመጣጠን መሆን አለበት። ከአንድ በላይ ዋጋ ከተገኘ ደግሞ የሚያዘው ዝቅተኛው ነው። እኛ ላይ የሚያዘው ግን ሁልጊዜ ከፍተኛው ነው! ሕጉ የዝቅተኛ ዋጋ ወለል ማስቀመጥንም፣ ከሁለት ዋጋ ትልቁን መምረጥንም በግልጽ ይከለክላል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ዋጋው እንዴት እንደተተመነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ይህንን ሕጉ ለአስመጪው ይፈቅዳል። መልሱ ሲመጣ ነገሩ ተገለጠ። ያነጻጸሩት ውስጡ ብረት የሆነ ፔርሙዝ ነው፣ የእኔ ውስጡ ብልቃጥ ነው። የእነሱ ማነጻጸሪያ የ240 ፍሬ ግዢ ነው፣ የእኔ 4,000። ሻይ የሚቀዳ ሁሉ አንድ ዕቃ አይደለም። ያንን ወረቀት ባልጠይቅ ኖሮ የምከራከርበትን ነገር እንኳ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ትራንዚተሩ «ዲክላራሲዮኑን በ18,000 ላስተካክለውና እንገላገል» ሲለኝ እምቢ አልኩ። ራሳችሁ አስተካክላችሁ ካስገባችሁ በኋላ «ዋጋውን ያመንከው አንተ ነህ» ልትባሉ ትችላላችሁና እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 229 መሠረት ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለኮሚሽነሩ በጽሑፍ አመለከትኩ። ጊዜው ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ይህ ቀን የብዙዎቻችንን መብት የበላ ቀን ነው፤ በቃል ስንለማመጥ፣ ሰው በሰው ስናስጠይቅ ያልፋል።

«ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ የመጋዘንና የኮንቴነር ኪራይ ከቀረጡ ይበልጣል» ትሉኝ ይሆናል። ትራንዚተሮቹ የሚያስፈራሩንም በዚሁ ነው። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው በመያዣ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ያመንኩበትን ከፈልኩ፣ ያከራከረንን 2,700 ዶላር በማስያዣነት አስቀመጥኩና ፔርሙዜን ይዤ ወጣሁ። ገንዘቡ ታስሮብኛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ታስሮ መቆየትና ተከፍሎ መቅረት አንድ አይደሉም።

ማመልከቻው ከደረሰው በኋላ ኮሚሽነሩም የተቆረጠ ጊዜ አለው። ማመልከቻውንና ተጨማሪ የጠየቀውን መረጃ ካገኘ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ዝም ካለ ማመልከቻው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህ ማመልከቻውን ስታስገቡ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም የኢሜይል ማረጋገጫ ያዙ። ተጨማሪ ሰነድ ሲጠይቁም በዕለቱ ስጡ፣ የእነሱ ቀን የሚቆጠረው እሱ ሲሟላ ነውና። ውሳኔው ካልተስማማችሁ ደግሞ በደረሳችሁ በ45 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ችሎት ማቅረብ ይቻላል።

የእኔ መልስ በ26ኛው ቀን መጣ። የከፈልኩትን ዋጋ ተቀበሉኝ። ለካርቶን ማሳተሚያ ለብቻ የከፈልኩትን 400 ዶላር ግን ጨመሩበት። ትክክል ናቸው፤ ገዢው የከፈለው የማሸጊያ ወጪ በሕጉ የዋጋው አካል ነው፣ የዘነጋሁት እኔ ነኝ። በእሱ የመጣብኝ ቀረጥና ቫት 180 ዶላር ነው። ከማስያዣው 2,520 ዶላር ተመለሰልኝ።

አሁን መራራውን ለራሳችን ልናገር። ይህ ሁሉ የሠራው የኢንቮይሱ ድምርና ባንክ የላከው ገንዘብ ስለተገናኙ ነው። ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በሐዋላ የምትልኩ፣ ለጉምሩክ አንድ ለራሳችሁ ሌላ ኢንቮይስ የምትይዙ ወገኖቼ ሆይ፣ በዚህ በር መግባት አትችሉም። «በእርግጥ የከፈልኩት ይህን ነው» የምትሉበት ወረቀት የላችሁምና። ይባስ ብሎ የእናንተ የሐሰት ኢንቮይስ የእኔን እውነተኛ ኢንቮይስ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ዱባይ ያለ ዘመድ የሚከፍልላችሁም ከሆነ ስሙ ከኢንቮይሱ ስለሚለይ፣ ለማን ስለማን እንደከፈለ የሚያሳይ ደብዳቤ ከክፍያው ጋር አብሮ ይኑር። ኋላ ሲጠየቁ የሚጻፍ ደብዳቤ እምነት አያገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፣ የራሷ የጉምሩክ አዋጅ አላት። አዲስ አበባ የሚደርስ ዕቃ የሚከራከረው በዚያ አዋጅና በዚያ ቀነ ገደብ ነው። የ229ን 30 ቀን ይዛችሁ ሞጆ እንዳትሄዱ።

እዚህ ግን ሰበብ የለንም። አንዳችን በከፈልን ቁጥር ያ የተጋነነ 4.50 የተከፈለበት ዋጋ ሆኖ ይመዘገባል፣ ነገ ለሚመጣው ነጋዴም ማነጻጸሪያ ይሆናል። «ክፈልና ውጣ» የሚለው ሰው የሚያስከፍለው አንተን ብቻ አይደለም፣ ከአንተ ኋላ የተሰለፈውን ወንድምህንም ነው።