ግራም ያልተጻፈበት የወርቅ ግምት

ገርጂ የሚኖሩ አንዲት እናት ለመድን ድርጅት ያቀረቡትን የወርቅ ግምት ወረቀት ሰሞኑን አሳይተውኝ ነበር። ከላይ የወርቅ ቤቱ ስም፣ ከታች ክብ ማህተምና ፊርማ አለበት። መካከል ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ “አንድ ሐብል ከነመስቀሉ፣ አንድ አምባር፣ ጉትቻና ቀለበት። ባለ 21 ካራት። ጠቅላላ ግምት 154,000 ብር።” ቀኑ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ይላል። የእያንዳንዱ ጌጥ ክብደት የለም፤ ፎቶም የለም። ዋጋው በምን ሒሳብ እንደተገኘም አልተጻፈም። እሳቸው በየዓመቱ አረቦናቸውን ሳያስተጓጉሉ ይከፍላሉ፤ ወረቀቱ ግን ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንዴም አልተነካም።

ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉ ቤቶች የሠርግ ወርቅ፣ ከዱባይና ከጅዳ የመጣ ወርቅ፣ ከእናት የተወረሰ ወርቅ በየቁም ሳጥኑ አለ። ዋስትና የሚገባለት ጥቂቱ ነው፤ ለዚያ ለጥቂቱም የሚጻፈው ግምት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ወረቀቱ ዝም ብሎ በቆየበት ጊዜ ምን እንደተለወጠ እንመልከት። የአራቱ ጌጦች ክብደት በድምሩ 40 ግራም ነው እንበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ማለትም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አንድ ወቄት ንጹሕ ወርቅ ደግሞ በዓለም ገበያ 2,400 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የዓለም ገበያ ወቄት 31.1 ግራም ነው፤ 21 ካራት ወርቅ ውስጥ ንጹሑ 87.5 በመቶ ነው። በዚህ ሒሳብ አንዱ ግራም ወደ 3,850 ብር፣ 40 ግራሙ ደግሞ 154,000 ብር ይመጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ወቄቱ 4,000 ዶላር አለፈ፤ የባንክ ዶላርም ከ140 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ያው 40 ግራም በ140 ብር ሲሰላ ወደ 630,000 ብር ደረሰ። የወርቅ ቤት ዋጋ በባንክ ምንዛሪ ብቻ እንደማይሄድና የእጅ ዋጋም እንደሚጨመርበት አውቃለሁ፤ ስሌቱ የልዩነቱን ስፋት ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ ከንብረቱ ዋጋ ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሌባ ገብቶ አምባሩን ብቻ ወሰደ እንበል። አምባሩ 14 ግራም ነው፤ በአዲሱ ሒሳብ 220,500 ብር ያወጣል። ባለቤቷ “የ154,000 ብር ዋስትና አለኝ፤ ቢያንስ እሱን ይከፍሉኛል” ብላ ትሄዳለች። ነገር ግን በንብረት ዋስትና የተለመደው አንቀጽ፣ ዕቃው ከዋጋው በታች ዋስትና ከተገባለት ባለቤቱ የጎደለውን ድርሻ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጥራል። ለጠቅላላው ወርቅ የተገባው ዋስትና ከዋጋው 24 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ ለአምባሩም የሚከፈለው ያንኑ ያህል ነው፤ ወደ 54,000 ብር። ቀሪው 166,500 ብር ከራሷ ኪስ ይወጣል። ይህን ጊዜ “መድን ድርጅት አታለለኝ” የሚል ቃል ይሰማል። ቅሬታው ቢገባኝም ሥሩ ያለው ያልታደሰው ወረቀት ላይ ነው።

በተቃራኒው ዋጋን ከፍ አድርጎ ማጻፍም አይጠቅምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ ካሣውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ዕቃው ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ወርቅ ሻጩ ደንበኛውን ለማስደሰት 630,000 የሚያወጣውን 900,000 ብሎ ቢጽፍ፣ ባለቤቱ በየዓመቱ በትርፉ ላይ አረቦን ይከፍላል እንጂ ትርፉን አያገኘውም።

ታዲያ ጥሩ የግምት ሰነድ ምን ይዟል? እኔ ሁለት ክፍል ያለው ሰነድ ነው የምለው። አንዱ ዕቃውን ይገልጻል፤ ሌላው ዋጋውን ያሰላል። መግለጫው በትክክል ከተጻፈ ዕቃው እስካልተነካ ድረስ ለዓመታት ይሠራል። ቶሎ የሚያረጀው ዋጋው ነው። ሁለቱ ተደበላልቀው “ጠቅላላ ግምት” በሚል አንድ መስመር ከገቡ ግን ዋጋውን ለማደስ ሁሉንም እንደገና መመዘን ይጠይቃል፤ ሰውም ይሰለችና ይተወዋል።

መግለጫው ለእያንዳንዱ ጌጥ ለብቻ ይጻፋል። ክብደቱ በግራም ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሐዝ፣ ርዝመቱና ስፋቱ በሚሊሜትር፣ የሰንሰለቱ አሠራር፣ የመቆለፊያው ዓይነት፣ የታተመበት ምልክት ካለ የት ቦታ ላይ እንደሆነና ምን እንደሚል ይሰፍራል። ካራቱ እንዴት እንደታወቀም መጻፍ አለበት። ማህተሙን አንብቦ “21” ማለትና በመፈተሻ ድንጋይና በአሲድ ወይም በማሽን ፈትሾ “21” ማለት አንድ አይደሉም። አትላስ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ወርቅ ሠሪ አንድ የአንገት ሐብል በአጉሊ መነጽር ሲያዩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። “እትዬ፣ ሰንሰለቱ 21 ነው፤ መቆለፊያው ግን ተሰብሮ በሌላ ተተክቷል፣ ይኼ 18 ነው” አሏቸው ለባለቤቷ። ባለቤቷ ራሳቸው ረስተውት ነበር። እንዲህ ያለው ዝርዝር ሁለት ጥቅም አለው፤ ዋጋውን ያስተካክላል፣ የተሰረቀው ዕቃ ቢገኝም የማን እንደሆነ ይለያል። ፎቶውም ከፊት፣ ከጀርባና ከመቆለፊያው በኩል፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ ቢነሳ ነው የሚረዳው።

ፈርጥ ያለበት ጌጥ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። የወርቁና የፈርጡ ክብደት ተለያይቶ ይጻፋል፤ ፈርጡ ከቤቱ ሳይወጣ ከተለካ ካራቱ “በልኬት የተገመተ” መባል አለበት። አልማዝ ከሆነ የቤተ ሙከራ ምስክር ወረቀቱ ቁጥር፣ ከመሬት የወጣ ይሁን በፋብሪካ የተሠራ መሆኑ ይገለጻል። በፋብሪካ የሚሠራው አልማዝ ዋጋ በቅርብ ዓመታት እጅግ ወርዷል፤ እዚህ ላይ ግምት ማደስ አረቦን የሚቀንስበት ጊዜም አለ።

የእኛው የወሎ ኦፓል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደላንታ ወረዳ ወገል ጤና አካባቢ ተገኝቶ ዓለምን ያስደነቀው ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ሲገባበት ክብደቱ ይጨምራል፣ መልኩም እንደ ብርጭቆ ጠርቶ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ገማቹ ደርቆ መመዘኑን መጻፍ አለበት። ነጣ ያለው ኦፓል በጢስ ጠቁሮ እንደ ተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ይህም ተመርምሮ ይሰፍራል፤ የዋጋ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኦፓል በራሱ ጊዜ ሊሰነጠቅ እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ከድንጋዩ ተፈጥሮ የመጣ ስንጥቅ በአብዛኛው ካሣ አይከፈልበትም፤ በመውደቅ የመጣ ከሆነ ግን ክርክር ይነሳል። ያኔ ባለቤቱን የሚረዳው “በዚህ ቀን ስንጥቅ አልነበረውም” የሚል መስመርና ከላይ የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ ነው።

የዋጋው ክፍል ከዚህ ያጥራል። ግምቱ በአዲስ ለመተካት ነው ወይስ ለመሸጥ? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ወርቅ ቤት ከእርስዎ ሲገዛ የእጅ ዋጋ አይከፍልም፣ ሲሸጥልዎት ግን ያስከፍላል። ለመድን የሚያስፈልገው ያንኑ ዓይነት ጌጥ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለማሠራት የሚፈጀው ነው። ከዚያ የዕለቱ የግራም ዋጋ፣ የእጅ ዋጋ፣ የፈርጡ ዋጋና ታክሱ ተለያይተው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ቀኑ፣ የገማቹ ስም፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩና ፊርማው ይሰፍራል። የአገልግሎት ክፍያው በዕቃው ዋጋ መቶኛ እንዳይሆን እመክራለሁ፤ ዋጋውን ከፍ ባደረገ ቁጥር ክፍያው የሚጨምርለት ገማች ሚዛኑ ያጋድላል።

በስንት ጊዜ ይታደስ? ገንዘባቸው ብዙም በማይዋዥቅ አገሮች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አንዴ ይበቃል ይባላል። እኛ ዘንድ ይህ ምክር አይሠራም፤ በሐምሌ 2016 የሆነውን አይተናል። እኔ የምለው፣ የዋጋው ክፍል ፖሊሲው በሚታደስበት በየዓመቱ፣ ከእድሳቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሰላ። ግራሙ በሰነዱ ላይ ካለ ይህ አንድ ገጽ ተጨማሪ ወረቀት ነው፤ ጌጡን ይዞ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። የምንዛሪ ወይም የወርቅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከአሥር በመቶ በላይ ከዘለለ ዓመቱን መጠበቅ አይገባም። ጌጡን በአካል ማስመርመር ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ፣ እንዲሁም ከጥገና፣ ቀለበት ከማስፋትና ከማጥበብ፣ ከውርስ ክፍፍል በኋላ ያስፈልጋል። ዕለት ዕለት የሚደረግ ቀለበት ይሳሳል፤ ፈርጡን የያዙት ጥርሶችም ይላላሉ።

መድን ድርጅቶችም ድርሻ አላቸው። ማህተም እንጂ ግራም የሌለበትን ወረቀት ተቀብለው አረቦን ሲሰበስቡ ኖረው፣ ጉዳት ሲደርስ “ዕቃው ይህን ያህል መሆኑን በምን እናውቃለን?” ማለት ፍትሐዊ አይደለም። አንድ ወጥ የግምት ቅጽ አዘጋጅተው ውሉ ሲፈረም ለደንበኛው ቢሰጡ ወርቅ ቤቱም ምን መጻፍ እንዳለበት ያውቃል። በእድሳት ማስታወቂያቸው ላይም “የወርቅዎ ግምት የተጻፈው በዚህ ቀን ነው” የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ የገርጂዋ እናት ያኔውኑ ያስታውሱ ነበር።

የሰነዱ አቀማመጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ከሱቃቸው የለቀቁ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ወርቁን የሸጠልዎት ሰው ነገ እዚያው ቦታ ላይገኝ ስለሚችል ደረሰኙን ከግምቱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። ዋናው ቅጂ ከወርቁ ጋር በአንድ መሳቢያ አይሁን፤ ሌባ መሳቢያውን እንዳለ ነው የሚወስደው። አንዱን ቅጂ ለመድን ድርጅቱ አስገብተው የተቀበሉበትን ማህተም ያስመቱበት፣ አንዱን ዘመድ ቤት ያስቀምጡ፣ ፎቶዎቹን ደግሞ ከስልክዎ ውጭ ለሚያምኑት አንድ ሰው ይላኩ።