ድክ ድክ የሚለው ልጅ ለምን በሌሊት ይነቃል? ፀሐይን አትውቀሷት!

ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን አፍጥጦ «እንነሳ» ሲል፣ ጎረቤት ረሃብ ነው ይላል፤ አያት የሰው ዓይን ነው ትላለች። ስልኩን የሚጎረጉር አባት ደግሞ «ብርሃን ነው፤ ወፍራም መጋረጃ እንግዛ» ይላል።

የመጋረጃው ምክር ለስቶክሆልም ልክ ነው። እዚያ በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማጀቴ ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስለዚህ ልጁን ፀሐይ አልቀሰቀሰችውም። በእኔ እምነት ነገሩን በአብዛኛው የምንሠራው እኛው ነን፤ አንድም በመብራት፣ አንድም በቀን እንቅልፍ።

የማውቀውን ቤት ምሳሌ ላድርግ። ልጁ 20 ወሩ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል። እናቱ መብራት ታበራለች፣ ሻይ ትጥዳለች፣ እንዳይረብሽ ስልክ ትሰጠዋለች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጥለውና እስከ 5 ሰዓት ይተኛል። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስለማይተኛ 1 ሰዓት ላይ ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

አሁን እንደምር። የሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ የቀኑ 2 ሰዓት፤ በድምሩ 11 ሰዓት ተኩል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ የሚመክረው ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። ልጁ በቂ እንቅልፍ እያገኘ ነው፤ እንቅልፉ ግን ያለ ቦታው ተቀምጧል። የጠዋት 3 ሰዓቱ እንቅልፍ በእርግጥ የሌሊቱ ጭራ ነው። ልጁ ያን ጭራ ጠዋት እንደሚያገኘው ሰውነቱ ስለለመደ ሌሊቱን ቆርጦ ይነሳል። መብራቱና ስልኩ ደግሞ ለአንጎሉ «ነግቷል» ብለው ይመሰክራሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚታይ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋው በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ ይነቃል።

ብዙ ወላጅ «አምሽቶ ይተኛ» ብሎ ይሞክራል። ልጁ 3 ሰዓት ላይ ይተኛና ያው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል፣ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። የሰውነት ሰዓት በአንድ ሌሊት አይዞርም። መጀመር ያለበት ከቀን እንቅልፉ ነው። በየ2 ቀኑ 15 ደቂቃ እየገፉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ማድረስ ይቻላል፤ 24 ቀን ገደማ ይወስዳል። በቆላው ሙቀት በእኩለ ቀን ማስተኛት ከባድ ስለሆነ ነፋሻውን ክፍል መምረጥ ያስፈልጋል፤ 9 ሰዓት ሳይሆንም መነሳት አለበት። የማታውን እንቅልፍ ወደ 2 ሰዓት ማስጠጋት ከዚያ በኋላ በዚያው እርምጃ ይመጣል። ልጁ በድምሩ ከ11 ሰዓት በታች የሚተኛና ማታ ማታ የሚያለቅስ ከሆነ ግን ማምሸቱ ይቅር፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ ይተኛ።

እስከዚያው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ምን ይደረግ? ጨለማው ይቆይ። ጡት የሚጠባ ከሆነ እዚያው በአጎበሩ ውስጥ በጨለማ ይጥባ። መብራት፣ ስልክና ቁርስ ንጋትን ይጠብቁ። የይፋት ቆላ የወባ አገር ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ በሌሊት ከአጎበር ወጥቶ መሬት ላይ የሚጫወት ልጅ እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያጣው። አጎበር ውስጥ መቆየቱ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጤነኛ ልጅ ነው። የሚያተኩሰው፣ ጆሮውን የሚጎትት፣ በእንቅልፉ ክፉኛ የሚያንኮራፋ ወይም ሌሊቱን ሲያክክ የሚያድር ልጅ የሰዓት ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው፤ ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁሉ ነገር ተስተካክሎም 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነቃ ልጅ ይኖራል፤ ለእርሱ ያ ንጋቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሥራ ለእናት ብቻ ከተተወ አይዘልቅም። ቀኑን ሙሉ ስትባዝን የዋለች ሴት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ብትሰጥ አይፈረድባትም፤ ሌላ ረዳት የላትም። «መጋረጃ እንግዛ» ያለው አባት በጨለማው ውስጥ ከልጁ ጋር ለመቀመጥ ተራውን ይውሰድ። ለእርሱ ደግሞ ብር አያስወጣም።