መልእክት አልሄደም ብሎ ሽያጭ የሚሰርዝ ሲስተም አትረከቡ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በአቃቂ በኩል ወደ ገላን የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኙ መጋዘን ነው። ቆርቆሮው፣ ፌሮው፣ ሚስማሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው ወደ መርካቶም ወደ ክፍለ ሀገርም የሚጫነው ከዚህ ነው። እኔም እንጀራዬን የምበላው ለእነዚህ መጋዘኖች የሽያጭና የክምችት ሲስተም በመሥራትና ሌሎች የሠሩትን በመጠገን ነው። ደጋግሜ የማየው አንድ ጥፋት ግን ያንገበግበኛል፤ ጥፋት የምለውም ቃሉን መርጬ ነው። ቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ፣ ገዢው ገንዘቡን አስገብቶ፣ ኤፍ ኤስ አሩ በር ላይ ቆሞ እያለ ሲስተሙ “ሽያጩ አልተሳካም” ይላል። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ለገዢው የሚላከው ኤስኤምኤስ መልስ አዘግይቶ ነው።

“ኔትወርክ ነው” ይሉኛል። አይደለም! ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ፣ መብራት እንደሚጠፋ፣ በበዓል ዋዜማ መልእክት እንደሚዘገይ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ያንን እያወቀ ሽያጩን፣ ክምችቱን፣ ደረሰኙንና መልእክቱን በአንድ ሰንሰለት ያሰረው ሰው ነው ተጠያቂው። ሲስተሙን ሳይፈትን የተረከበው ሥራ አስኪያጅም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚበጠስ በአንድ ትዕዛዝ እንየው። መርካቶ ያለ የሽያጭ ሠራተኛ በስልኩ 40 ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ አዘዘ። ሂሳቡ እንዲቀልልን አንዱን 1,000 ብር እንበለው፤ 40,000 ብር ይሆናል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 46,000። የሽያጩ ፕሮግራም ክምችቱን ጠርቶ 40 ያስቀንሳል። ከዚያ የሂሳቡን ክፍል ጠርቶ ደረሰኝ ያስወጣል። ከዚያ ኤስኤምኤስ የሚልከውን ጠርቶ መልስ ይጠብቃል። 30 ሰከንድ አለፈ፣ መልስ የለም። ፕሮግራሙ ተስፋ ቆርጦ ትዕዛዙን ይሰርዛል፣ ስልኩ ላይም ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ክምችቱና ሂሳቡ ግን የየራሳቸው ዳታቤዝ ስላላቸው የሠሩትን ሠርተዋል። ሠራተኛው እንደገና ይጫናል፤ ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። አሁን ትዕዛዙ አንድ፣ ደረሰኙ ሁለት፣ ከክምችት የተቀነሰው 80 ነው። መኪናው የጫነው 40 ብቻ ነው። መጋዘኑ ሳይሸጥ 46,000 ብር ሸጠሃል ተባለ፣ ከዚያ ውስጥ 6,000ው ታክስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው ደሜን የሚያፈላው። ስቶር ኪፐሯ ቢን ካርዷን ከኮምፒውተሩ ጋር ስታስተያይ 40 ቆርቆሮ ይለያያል። ኮምፒውተሩ አይሳሳትም ተብሎ ስለሚታመን እሷ ትጠየቃለች። አንዷን እናት አውቃለሁ፤ “ልጄ፣ እኔ ቁጥር አላጠፋሁም” እያለች ካርዷን ዘርግታ አሳየችኝ። እውነትም አላጠፋችም። ቁጥሩን ያጠፋው ፕሮግራሙ ነው፣ ሊቀጡ የነበረው ግን እሷን ነው።

የድሮው የካርቦን ደረሰኝ ፓድ ከዚህ ይሻል ነበር። ሻጩ አንዴ ይጽፋል፣ አንዱ ቅጂ ለገዢው፣ አንዱ ለስቶር፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል ይሄዳል። ሂሳብ ሹሙ ምሳ ወጥቷል ተብሎ የተጻፈው ደረሰኝ አይቀደድም፤ ሲመለስ ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። ኮምፒውተሩም እንዲህ መሥራት ይችላል። ሽያጩ “ትዕዛዝ ተቀብያለሁ” የሚል ኢቨንት ያወጣል፣ ማንንም አይጠራም፣ ማንንም አይጠብቅም። ክምችቱ፣ ሂሳቡና መልእክት ላኪው ኢቨንቱን በየራሳቸው ጊዜ ያነባሉ። መልእክት ላኪው ሁለት ሰዓት ቢተኛ መልእክቱ ሁለት ሰዓት ይዘገያል እንጂ ቆርቆሮው አይዘገይም።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ በሌላ በር ገብተው ያበላሹታል። ካፍካ ይተክላሉ። ካፍካ ሊንክድኢን ውስጥ ለግዙፍ የመረጃ ፍሰት ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት የሆነ ጠንካራ ሥራ ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ በቀን ጥቂት መቶ ትዕዛዝ ለሚያስተናግድ መጋዘን እሱን ሸጦ ዋናውን ቀዳዳ ክፍት ከሚተው ሰው ጋር ነው። ቀዳዳው ይኸውላችሁ፦ ፕሮግራሙ ትዕዛዙን ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ኢቨንቱን ይልካል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋስ? ትዕዛዙ አለ፣ ኢቨንቱ የለም። ክምችቱ አልሰማም፣ ሂሳቡ አልሰማም፣ ገዢው ግን ገንዘቡን ከፍሏል። ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡትም አያድንም፤ ያኔ ኢቨንቱ ይኖርና ትዕዛዙ ይጠፋል፣ ላልተጻፈ ሽያጭ ደረሰኝ ይወጣል። ይህ ስህተት ቀይ ጽሑፍ እንኳን አያሳይም፣ ዝም ብሎ ይውጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

መድፈኛው ቀላል ነው። ትዕዛዙና ኢቨንቱ በአንድ ዳታቤዝ፣ በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፉ፤ ወይ ሁለቱም ይኖራሉ፣ ወይ ሁለቱም አይኖሩም።

```sql
BEGIN;
INSERT INTO orders (order_no, item, qty)
VALUES ('M3-0417', 'G-32', 40);
INSERT INTO outbox (event_id, type, order_no)
VALUES (gen_random_uuid(), 'OrderPlaced', 'M3-0417');
COMMIT;
```

የትዕዛዙን ቁጥር ልብ በሉ። ቁጥሩን የሚሰጠው ሰርቨሩ ሳይሆን የሠራተኛው ስልክ ነው፤ ያውም ገና ሳይጫን። `order_no` በሠንጠረዡ ላይ እንዳይደገም ከተከለከለ፣ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ቢጫንም ሁለተኛውና ሦስተኛው አይገቡም፤ ሰርቨሩም “ደርሶኛል” ብሎ ይመልስለታል። `outbox` የሚለውን ሠንጠረዥ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም እያነበበ ያልተላኩትን ይልካል፣ መድረሳቸው ሲረጋገጥለት “ተልኳል” ብሎ ምልክት ያደርጋል። ለአንድ መጋዘን ይህን ፖስትግሬስ ብቻውን ይወጣዋል፤ አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም።

ላኪው ፕሮግራም ኢቨንቱን ልኮ ምልክቱን ሳያደርግ ከጠፋ ግን ሲነሳ ያንኑ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ተቀባዮቹ አንድ ኢቨንት ሁለት ጊዜ ሊደርሳቸው እንደሚችል አውቀው መሠራት አለባቸው። ሂሳቡ ደረሰኙን ሲመዘግብ የኢቨንቱን መለያ እዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ “ጨርሻለሁ” ብሎ ይጽፋል፤ መለያው ቀድሞ ካለ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ክምችቱም እንዲሁ። ኤስኤምኤስ ላይ ይህ ሙሉ ለሙሉ አይሠራም፤ ከስልክ ወጥቶ የሄደ መልእክት በትራንዛክሽን አይመለስምና። አልፎ አልፎ ገዢው አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ይድረሰው! ሁለት መልእክት ማንንም ከሥራ አያባርርም፣ ሁለት ደረሰኝ ግን ያባርራል።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልጋፈጥ። “እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይንቀሳቀስ” የሚለውን መፈክር ሰምተው ሂሳቡንም ክምችቱንም በአንድ ኢቨንት ላይ የሚያንጠለጥሉ አሉ። ትዕዛዝ ተቀበልን የሚለውን እንዳዩ ሁለቱም ይነሳሉ። ሂሳቡ ቀድሞ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ክምችቱ ዘግይቶ ሲያይ የቀረው 25 ቆርቆሮ ነው። ለሌለ ዕቃ ታክስ የተቆረጠበት ደረሰኝ ወጣ ማለት ነው። የወጣ ደረሰኝ ደግሞ እንደ ዳታቤዝ መስመር አይሰረዝም፤ ተመላሽ ተብሎ በሥርዓቱ መያዝ አለበት፣ ለምን እንደተመለሰም መልስ ይፈለግለታል።

እያንዳንዱ ክፍል መስማት ያለበት ለእሱ ሥራ የሚያበቃውን እውነት ነው። ክምችቱ `OrderPlaced` የሚለውን ይሰማል፣ ዕቃውን ይይዝና `StockReserved` ይላል፤ ከሌለ `StockRejected` ይላል። ሂሳቡ ትዕዛዙን ትቶ ዕቃ መያዙን ይሰማል፣ ደረሰኝም ያኔ ይቆርጣል። መልእክት ላኪው ሁሉንም ይሰማል፤ መጀመሪያ “ትዕዛዝዎ ደርሶናል”፣ ኋላ “ዕቃዎ ተዘጋጅቷል” ወይም “ይቅርታ፣ በቂ ዕቃ የለም” ይላል። እዚህ ላይ የሚከፈል ዋጋ አለ፣ አልሸሽገውም። የሽያጭ ሠራተኛው ቁልፉን እንደተጫነ “ተሸጠ” የሚል ቃል አያገኝም፤ ጥቂት ሰከንድ፣ ክፉ ቀን ከመጣም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ለገዢው ይህን እውነት መንገር አለበት። ያልተያዘ ዕቃ ተሸጠ ከማለት ይህ በእጅጉ ይሻላል።

“እንዲህ ከተበታተነ ምን የት እንደቀረ በምን እናውቃለን?” የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ይህ የሚገባ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው `outbox` ውስጥ ሳይላክ ከሁሉም በላይ የቆየው ኢቨንት ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ነው። ደቂቃ ከሞላው ላኪው ቆሟል ማለት ነው፣ ሰው ይጠራ። ሁለተኛው ዕቃው ተይዞ ደረሰኝ ያልወጣለትን ትዕዛዝ መፈለግ ነው፦

```sql
SELECT r.order_no
FROM reservations r
LEFT JOIN invoices i ON i.order_no = r.order_no
WHERE i.order_no IS NULL
  AND r.created_at < now() - interval '15 minutes';
```

ይህ ዝርዝር በየሰዓቱ ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። ባዶ ካልሆነ የትኛው ትዕዛዝ የት እንደቆመ በቁጥሩ ታውቁታላችሁ፣ የምትጠይቁትም ፕሮግራሙን እንጂ ስቶር ኪፐሯን አይሆንም። አንድ ኢቨንት ደጋግሞ ከወደቀ ደግሞ ወደ ጎን ይውጣና ሰው ይየው፤ ከኋላው የተሰለፉትን ሌሎች ትዕዛዞች አያግድ።

እንግዲህ የመጋዘን ባለቤቶች፣ ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ሲስተም ስትረከቡ የሚያብረቀርቅ ስክሪን አይታችሁ አትፈርሙ። ሠሪውን አስቀምጡትና መልእክት ላኪውን አጥፍቶ ሽያጭ እንዲያስገባ እዘዙት፤ ሽያጩ መግባት አለበት። የሂሳቡን ክፍል አጥፍቶ እንደገና ያስገባ፣ ከዚያ ያብራው፤ ለአንዱ ትዕዛዝ አንድ ደረሰኝ ብቻ መውጣት አለበት። ስልኩ ላይ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫን፤ ትዕዛዙ አንድ ሆኖ መቆየት አለበት። ትዕዛዙ ገና እየገባ ሳለ የሰርቨሩን መሰኪያ ይንቀለው፤ ሲነሳ ወይ ትዕዛዙም ኢቨንቱም አሉ፣ ወይ ሁለቱም የሉም። ከአራቱ በአንዱ ከወደቀ ርክክቡን አትፈርሙ፣ የቀረውንም ክፍያ አትልቀቁ። ለወደቀው ሲስተም የሚከፍለው ሠሪው ይሁን፤ እስከ ዛሬ ስቶር ኪፐሯ ስትከፍል ኖራለች፣ ይበቃታል።