ኔትወርኩን ተዉት፤ ኮዱን ጠይቁት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ባለጉዳይ በመስኮቱ ፊት ተሰልፏል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ የመዝገቦቹን ዝርዝር ለመክፈት ከተጫነች ቆይታለች፤ ስክሪኗ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። «ሲስተሙ እንቢ አለ። ኔትወርክ ነው መሰለኝ። ትንሽ ታገሱ።»

ኔትወርክ በዚህ አገር የራሱ የሆነ ብዙ ጥፋት አለበት። ያላጠፋው ሲለጠፍበት ግን እውነተኛው አጥፊ በሰላም ይኖራል። የመዝገብ ዝርዝር የሚያሳዩ ገጾችን ከሚያንቀረፍፉ ነገሮች አንዱ ከኬብሉም ከሰርቨሩም ጋር አይገናኝም። ኮዱ ውስጥ ነው ያለው። ስሙ በሙያው ዓለም የታወቀ ነው፤ N+1 ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት መስመር ይስተካከላል። ይህ እያለ መሥሪያ ቤቶች «አቅም አነሰው» ተብለው በውጭ ምንዛሪ አዲስ ሰርቨር ይገዛሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ የጥንት መዝገብ ቤት ይታሰብ። ኃላፊው ተላላኪውን «የዛሬ 100 መዝገቦችን ዝርዝር አምጣ» ይለዋል፤ ተላላኪው ሄዶ ያመጣል። ዝርዝሩ ላይ ግን የባለመዝገቡ ቁጥር እንጂ ስሙ የለም። ኃላፊው «የመጀመሪያው ባለቤት ማነው?» ብሎ ይልከዋል። ሲመለስ «የሁለተኛውስ?» ብሎ እንደገና ይልከዋል። እንዲህ እያለ መቶ ጊዜ ያመላልሰዋል። አንዱ ጉዞ ለዝርዝሩ፣ መቶው ለስሞቹ፤ በድምሩ 101። N የመዝገቦቹ ብዛት ነው፤ አንዱ የመጀመሪያው ጉዞ ነው። አስተዋይ ኃላፊ ቢሆን መቶውን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፎ «የነዚህን ሁሉ ስም ይዘህ ና» ባለው ነበር።

ይህን የሞኝ አሠራር አውቆ የሚጽፍ ፕሮግራመር የለም። የሚጻፈው ሳይታወቅ ነው። በፓይተን ቋንቋ በሚሠራው ጃንጎ ኮዱ ይህን ይመስላል፦

```python
files = File.objects.order_by("-created")[:100]
for f in files:
    print(f.number, f.owner.name)
```

ላየው ሰው ንጹሕ ኮድ ነው። `f.owner.name` የምትለው ቃል ተራ ስም ማንበቢያ ትመስላለች። ግን ጃንጎ የመዝገቡን ሠንጠረዥ ሲያነብ የባለቤቱን ሠንጠረዥ አብሮ አያነብም፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ወደ ዳታቤዙ ራሱን የቻለ ጥያቄ፣ ማለትም ኩዌሪ፣ ይልካል። ነጥቧ ተላላኪ ናት። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። ከባለቤቱ በተጨማሪ የቢሮው ስም ይታይ ከተባለና መቶውም መዝገቦች የአንድ ቢሮ ከሆኑ፣ ያንኑ ቢሮ ስም መቶ ጊዜ ይጠይቃል። አንዱ መዝገብ የሰማውን ሌላው አያውቅም።

አሁን የተለመደውን ገጽ እንውሰድ። ሠንጠረዡ የባለቤት ስም፣ የቢሮ ስምና የክፍያ ዝርዝር ያሳያል እንበል። ሦስት ዓምድ በመቶ መዝገብ 300 ነው፤ የመጀመሪያው ሲጨመር 301 ኩዌሪ። ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ካለና አንዱ ምልልስ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ፣ ድምሩ 0.15 ሰከንድ ነው። ማንም አይሰማውም። ዳታቤዙ ወደ ሌላ ማሽን ተዛውሮ ምልልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ገጹ 1.5 ሰከንድ ይፈጃል። ዳታቤዙ ባሕር ማዶ ሆኖ ፕሮግራሙ እዚህ ከቀረና ምልልሱ 100 ሚሊ ሰከንድ ከደረሰ ግን 30 ሰከንድ ነው። ኮዱ አልተነካም። ሰልፉ ግን ደጅ ደርሷል።

«እንግዲያው ርቀቱ፣ ማለት ኔትወርኩ ነው ጥፋተኛው» የሚል አይጠፋም። ያው ገጽ በሁለት ኩዌሪ ቢሠራ፣ በዚያው ርቀት፣ ለምልልስ የሚያጠፋው 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ጊዜ መሄድና 301 ጊዜ መሄድ ነው። አዲሱ ሰርቨር የማያድነውም ለዚህ ነው። ፈጣን ማሽን ተላላኪው ደርሶ የሚያደርገውን ሥራ ያፋጥናል እንጂ መንገዱን አያሳጥርም፣ የጉዞውንም ቁጥር አይቀንስም። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመጠበቅ ከሆነ፣ የተገዛው ማሽን አብሮ ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ ይህ ጥፋት ርክክቡን እንዴት አልፎ ይመጣል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ መሞከሪያ ተብለው የተመዘገቡት አሥር መዝገቦች ናቸው፤ ዳታቤዙም በዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። 31 ኩዌሪ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ ሲባዛ 0.02 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የርክክብ ኮሚቴው ገጹ ብልጭ ብሎ ሲከፈት አይቶ፣ አጨብጭቦ፣ ፈርሞ ይወጣል። ጥፋቱ የሚያድገው ከመዝገቡ ጋር ነው። ሥራው በሰፋ፣ ባለጉዳይ በበዛ ቁጥር ገጹ እየከበደ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ አቅራቢው «የተጠቃሚ ብዛት ነው» ይላል። ከላይ ሲታይ ልክ ይመስላል።

ቅሬታው ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። የዳታቤዝ ባለሙያው ቀርፋፋ ኩዌሪዎችን የሚመዘግበውን ሎግ ከፍቶ «ከግማሽ ሰከንድ በላይ የፈጀ አንድም የለም» ይላል። አልዋሸም። እያንዳንዱ ኩዌሪ ለብቻው ፈጣን ነው፤ ሎጉ የሚያጠምደው አንዱን ትልቅ ሌባ እንጂ 300 ትንንሾችን አይደለም። የሰርቨር ኃላፊው ሲፒዩው ግማሹን ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ያያል። እሱም አልዋሸም፤ ፕሮግራሙ መልስ እየጠበቀ ነው። በዚህ መሃል ራሱን መከላከል የማይችለው ኔትወርክ ብቻ ስለሆነ ፍርዱ በእሱ ላይ ይጸናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለመልካም ነበር፤ እዚህ ግን ድሩ ሰርቨሩን አስሮት ድሩን የሚያይ ጠፋ።

ማየት ለፈለገ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መለካት ያለበት የአንዱ ኩዌሪ ፍጥነት ሳይሆን ብዛቱ ነው። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ `pg_stat_statements` የሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ ከተከፈተ፣ የትኛው ኩዌሪ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ይናገራል፦

```sql
SELECT calls, query FROM pg_stat_statements
ORDER BY calls DESC LIMIT 5;
```

በመጀመሪያው ረድፍ «በዚህ ቁጥር ያለውን አንድ ባለቤት አምጣ» የምትል ትንሽ ኩዌሪ በሚሊዮን ተጠርታ ከተገኘች፣ ሌባው ተያዘ። ከዚህም የሚቀል ፈተና አለ። ገጹን በ10፣ ከዚያ በ50፣ ከዚያ በ100 መዝገብ መክፈትና የኩዌሪውን ብዛት መቁጠር ነው። ብዛቱ ባለበት ከቆመ ጤና ነው። ከመዝገቡ ጋር አብሮ ከወጣ N+1 ነው፤ ክርክር የለውም።

መድኃኒቱ ይህ ነው፦

```python
files = (File.objects
    .select_related("owner", "office")
    .prefetch_related("payments")
    .order_by("-created")[:100])
```

`select_related` ባለቤቱንና ቢሮውን ከመዝገቡ ጋር አጣምሮ በአንድ ኩዌሪ ያመጣል። ክፍያ ግን ለአንድ መዝገብ ብዙ ሊሆን ስለሚችል `prefetch_related` የመቶውን መዝገቦች ቁጥር በአንድ ወረቀት ይዞ ሄዶ የሁሉንም ክፍያ በሁለተኛ ኩዌሪ ይዞ ይመጣል። 301 የነበረው 2 ሆነ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ «አስተካክለናል» የሚሉትን ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። ክፍያዎቹ በአንድ ላይ ከመጡ በኋላ፣ ሠንጠረዡን የሚያሳየው ኮድ «ያልተከፈሉትን ብቻ» ብሎ `f.payments.filter(paid=False)` ከጻፈ፣ ጃንጎ የመጣውን ትቶ ለእያንዳንዱ መዝገብ እንደ አዲስ ይጠይቃል። መቶው ምልልስ ተመለሰ፤ በዚያ ላይ ማንም ያልተጠቀመበት ክፍያ በከንቱ ተጭኗል። ማጣራቱ ወይ አስቀድሞ በ`Prefetch` ውስጥ መነገር፣ ወይ በመጣው ዝርዝር ላይ በፓይተን መሠራት አለበት። ለዚህ ነው «ጨምረናል» የሚል ቃል ማስረጃ የማይሆነው። ማስረጃው ቁጥሩ ነው።

በሌላ ወገን የቆሙት የሚያነሱት ክርክር አለ፤ መልስም ይገባዋል። «የፕሮግራመር ጊዜ ውድ ነው፣ ማሽን ርካሽ ነው፤ ያልታየ ችግር አስቀድሞ አይታከም» ይላሉ። ማሽን በዶላር በማይገዛበት አገር ይህ ምናልባት ያስኬዳል። እዚህ ግን ሚዛኑ ላይ ያሉት ሁለት የኮድ መስመርና አንድ ጨረታ ናቸው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ተጣምሮ ይምጣ ማለትም አይደለም። አንድ መዝገብ ብቻ የሚያሳይ ገጽ ባለቤቱን ለብቻው ቢጠይቅ ምንም አይጎዳም። እያንዳንዱ መዝገብ 10 ክፍያና 10 ሰነድ ቢኖረው፣ ሁለቱን በአንድ ኩዌሪ ማጣመር ለ100 መዝገብ 10,000 ረድፍ ይጭናል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። አንድ ኩዌሪ ብቻውን አምስት ሰከንድ ከፈጀም ችግሩ N+1 አይደለም፤ የጎደለ ኢንዴክስ ሊሆን ይችላል። ኔትወርኩ በእውነት የሚበላሽበት ቀንም አለ። ይህን ሁሉ የሚለየው ግን ቆጠራ እንጂ ግምት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ለፕሮግራመሩ ብቻ አይደለም። ፕሮግራመሩ ሳያውቅ ጻፈው እንበል። ሳይቆጥር የተቀበለው ማነው? በአሥር መዝገብ የተፈተነን ሥራ ለመቶ ሺህ መዝገብ ብሎ የፈረመው ማነው? በውሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመሩ ይበቃል፦ ፈተናው በእውነተኛው የመዝገብ ብዛት ልክ ይካሄድ፤ የዝርዝር ገጽ የኩዌሪ ብዛትም ከመዝገቡ ጋር አይደግ። ጃንጎ ይህን የሚጠብቅ ዘብ አብሮ ይዞ ይመጣል፦

```python
with self.assertNumQueries(4):
    self.client.get("/files/")
```

ሁለቱ ኩዌሪ ለዝርዝሩ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የገባው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ። ነገ አንዱ ሳያስብ አምስተኛ ዓምድ ጨምሮ ምልልሱን ቢመልሰው፣ ፈተናው ባለጉዳዩ ሳይሰለፍ በፊት ይወድቃል።

ይህ እስኪደረግ ድረስ ሰርቨር እንዲገዛ ወረቀት ያቀረበ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠየቅ፤ «ገጹ ሲከፈት ስንት ኩዌሪ ይልካል?» ቁጥሩን የማያውቅ ከሆነ፣ ሰርቨር ለመጠየቅ ገና አልደረሰም።