ፒኤስአይ ይዘርዘር ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

በጁባ ቡሉክ ሰፈር የጎማና የብየዳ ሥራ የሚሠራ አንድ ቤት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የማሽን መለያዎች ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹ በአማርኛ ሊያስጽፍ ተነሣ። ጽሑፉን የያዘችው ተርጓሚና የቤቱ መካኒክ ግን በአህጽሮቶቹ አልተስማሙም። ሙግታቸው እነሆ።

ተርጓሚዋ፦ ሁሉም በአማርኛ ይዘርዘር

መለያ የሚለጠፈው ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ነው። ሥራው ላይ የቆየ ሰው ሳያነብም ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሀገር ቤት ገና የመጣውና ግራይንደር የተሰጠው ልጅ ነው። በትንሹ ግራይንደር፣ ማለትም የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በሚገጠምበት ላይ፣ 11,000 አርፒኤም የሚል አለ። ጎኑ የተቀመጠው የ230 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ ደግሞ 6,650 ተጽፏል። የሁለቱም መሐል ቀዳዳ አንድ ዓይነት ስለሆነ መከላከያውን ከፈታ ትልቁ ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ ይገባለታል። ዲስኩ ግን ከሚችለው በላይ በፍጥነት ይዞራል፤ ከተበተነ ስብርባሪው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። «ዙር በደቂቃ» ብዬ ብጽፍለት ቁጥሩ የምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ሁለቱን ለማስተያየትም ምክንያት ያገኛል።

«ፊደሉን እንዳለ ተይው» የሚሉኝ ደግሞ የቱን ፊደል ነው የምተወው? አንዱ ዲስክ ላይ አርፒኤም፣ ሌላው ላይ `r/min`፣ ሌላው ላይ `min⁻¹` ተጽፎ ይመጣል። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ አዲሱ ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቀዋል? ፒኤስአይንም በዚሁ መንገድ «ፓውንድ በካሬ ኢንች» ብዬ እዘረዝረዋለሁ።

መካኒኩ፦ ፊደሉ አይነካ

እህቴ ስለ ዲስኩ የጻፈችው እውነት ነው፤ አልከራከራትም። ወደ ኮምፕሬሰሩ ስትሻገር ግን መንገዱን ስታለች።

ሠራተኛው መለያውን አንብቦ የሚያየው የግፊት መለኪያውን ነው። እዚያ ሁለት የቁጥር ረድፎች አሉ፤ አንዱ በባር፣ አንዱ በፒኤስአይ። «ፓውንድ በካሬ ኢንች» የሚል ጽሑፍ በመለኪያው ላይ የለም፣ በጎማውም ላይ የለም። እኛ ቤት ፓውንድ ብሎ የሚመዝን የለም። ስለዚህ ዝርዝሩ ልጁን ከመለኪያው ያራርቀዋል እንጂ አያቀርበውም።

አንድ ጉዳይ ላንሣ። የኮምፕሬሰራችን ከፍተኛ ግፊት 8 ባር ነው። የከባድ መኪናው ጎማ ላይ 120 ፒኤስአይ ተጽፏል። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ስለሆነ ማሽኑ የሚደርሰው 116 ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጎማው አልሞላልኝም ብሎ የግፊት ማብሪያና ማጥፊያውን ብሎን ያጠብቃል። ይባስ ብሎ አየር የሚያስተነፍሰውን የደኅንነት ቫልቭ የሚደፍንም አለ። ከዚያ በኋላ ታንኩን የሚጠብቀው ነገር የለም። ለዚህ ልጅ የሚጠቅመው «8 ባር ማለት 116 ፒኤስአይ ነው፤ ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ጎማ ሌላ ኮምፕሬሰር ይጠየቅ» የሚለው ነው።

ይህን ስናወራ አንዱ ጎሚስታችን ሰምቶ «እኔ መርፌው ቀዩ ጋ ሲደርስ አቆማለሁ፤ ፊደል አያስፈልገኝም» አለ። ለታንኩ ልክ ሊሆን ይችላል። ቀዩ ግን የታንኩ ገደብ እንጂ የጎማው አይደለም። 32 ፒኤስአይ የሚበቃትን የቤት መኪና ጎማ በዚህ መንገድ መሙላት አይቻልም።

ተርጓሚዋ፦ መልስ

የኮምፕሬሰሩን ነገር ተቀብያለሁ፤ ፒኤስአይ በላቲን ፊደሉ ይቀመጥ፣ የባሩም ቁጥር አጠገቡ ይግባ። አርፒኤም ላይ ግን አልመለስም። «ዙር» ማንም የሚያውቀው ቃል ነው፤ በአማርኛ ካልጻፍኩት መለያውን ለምን ተረጎምኩት?

መካኒኩ፦ መልስ

ጻፊው፣ ግን የላቲኑን ፊደል አታጥፊው። ልጁ የሚያስተያየው ከዲስኩ ጽሑፍ ጋር ነውና `r/min` እና `min⁻¹`ም አብረው ይታተሙ። «ለዚህ ሁሉ ቦታ የለም» ትለኛለች፤ በትንሹ ግራይንደር ላይ እውነቷን ነው። እዚያ አህጽሮቱ ብቻ ይጻፍ፣ ማብራሪያው ግድግዳው ላይ ይለጠፍ እላለሁ። እሷ ሰው ግድግዳ አያነብም ባይ ናት፤ እዚህ ላይ ገና አልተስማማንም።

የግድግዳው ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ ግራይንደር የምትይዙ ሁሉ፦ የማሽኑ ቁጥር ከዲስኩ ቁጥር ከበለጠ ዲስኩን አታስገቡ።