«መዝገብ አንይዝም» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በሀገራችን ሲዘጉ፣ የከተማው ነዋሪ ቪፒኤን ፍለጋ ተሰማራ። በእነዚያ ወራት ከአፍ የማይጠፋው ጥያቄ «የትኛው ይሠራል?» የሚል ነበር። «በእሱ በኩል ሳልፍ የሚያየኝስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ቪፒኤን ቴሌ ሊያይ ይችል የነበረውን ነገር ወስዶ፣ ፊቱን ላላየነው ነጋዴ አደራ ይሰጣል። እንግዲህ ጥያቄው አደራ ተቀባዩ ይታመናል ወይ የሚል ነው።

ነጋዴው «መዝገብ አንይዝም» ይላል። የትኛውን መዝገብ? የመጀመሪያው የጎበኟቸው ድረ ገጾች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ከየትኛው አይፒ አድራሻ መጥተው፣ ስንት ሰዓት ገብተው፣ ስንት ሰዓት እንደወጡ የሚያሳየው የግንኙነት መዝገብ ነው። ሦስተኛው ስምዎ፣ ኢሜይልዎና የከፈሉበት ካርድ ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች የሚምሉት በመጀመሪያው ነው። ሰውን ለማጋለጥ ግን ሁለተኛው ይበቃል፤ አንድ ጽሑፍ ከዚያ ሰርቨር በዚህ ደቂቃ መውጣቱን የሚያውቅ መርማሪ፣ በዚያች ደቂቃ ማን ተገናኝቶ እንደነበር ብቻ ቢነገረው ሥራው አለቀ።

ይህ መላምት አይደለም። አይፒቫኒሽ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ምንም መዝገብ እንደማይዝ ያስተዋውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ደኅንነት መርማሪዎች በከባድ ወንጀል ስለጠረጠሩት ደንበኛ የድርጅቱን ባለቤት ኩባንያ በመጥሪያ ጠየቁ። የመጀመሪያው መልስ «መረጃ የለንም» የሚል ነበር። ዝርዝር ያለው ሁለተኛ መጥሪያ ሲደርስ ግን የደንበኛው ስም፣ ኢሜይል፣ እውነተኛ አይፒ አድራሻና የገባበትና የወጣበት ሰዓት ተላልፎ ተሰጠ። ነገሩ በፍርድ ቤት ሰነድ አማካይነት በ2018 አደባባይ ወጣ። ተጠርጣሪው መያዙ የሚያሳዝነው የለም። የሚያስቆጣው፣ ያው ቃል ለጋዜጠኛውም ለተቃዋሚውም ሲሸጥ መኖሩ ነው።

«አሁን እኮ ነፃ ኦዲት አለ» የሚል ይኖራል። አይፒቫኒሽ ራሱ ባለቤት ከቀየረ በኋላ በ2022 ኦዲት አስደርጎ አልፏል። ታዲያ የ2022 ኦዲት ስለ 2016 ምን ይነግረናል? ምንም! ስለ ነገስ? ብዙም አይደለም። ኦዲተሩ በተቀጠረበት ሳምንት የሰርቨሮችን አደረጃጀት ናሙና ወስዶ ያያል፤ ሠራተኞችን ይጠይቃል፤ ያየው ነገር ከድርጅቱ የጽሑፍ መግለጫ ጋር መስማማቱን ይመሰክራል። መግለጫው ጠባብ ከሆነ ምስክርነቱም ጠባብ ነው። ተመርማሪው ራሱ የመርማሪውን ዋጋ እንደሚከፍልም አይዘንጋ።

ይህን ስል ኦዲት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰርቨሮቹ በዚያን ጊዜ መዝገብ እንዲጽፉ አለመደረጋቸውን ከሻጩ ውጭ ያለ ዓይን ማየቱ ዋጋ አለው፤ በየጊዜው ሲደጋገም ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ነገር ግን ሪፖርቱን ሳያነቡ ማኅተሙን ብቻ አይተው የሚገዙ ሰዎች የሚገዙት ማስታወቂያ ነው። ኦዲቱን ማን አደረገው? መቼ? የግንኙነት መዝገብን ይጨምራል ወይስ የስልኩን መተግበሪያ ብቻ ነው የመረመረው? ሙሉ ሪፖርቱ ለደንበኛ ክፍት ነው? እነዚህን የማይመልስ ማኅተም ጌጥ ነው።

ከኦዲት የሚበልጥ ፈተና አለ፤ እሱም የፖሊስ መምጣት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2023 የስዊድን ፖሊስ የደንበኞች መረጃ ያለባቸውን ኮምፒውተሮች ሊወስድ የብርበራ ፈቃድ ይዞ በጎተንበርግ የሙልቫድን ቢሮ አንኳኳ። ድርጅቱ የሚፈለገው መረጃ እንደሌለው አስረድቶ፣ ፖሊሶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ምሥጢሩ ከአሠራሩ ነው፦ ሙልቫድ ሲመዘገቡ ስምም ኢሜይልም አይጠይቅም፤ የሚሰጠው የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው፤ በፖስታ የተላከ ጥሬ ገንዘብም ይቀበላል። ያልተሰበሰበ ነገር አይወረስም። ይህም ቢሆን የሚመሰክረው ስለዚያች ቀን ነው፤ ከኦዲት የሚለየው ፈታኙን ድርጅቱ ራሱ ያልቀጠረው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቪፒኤን ሲመርጡ ከመፈክሩ በፊት የምዝገባ ቅጹን ይመልከቱ። ስምዎን፣ ኢሜይልዎንና ካርድዎን ተቀብሎ «አላውቅዎትም» የሚል ነጋዴ፣ ቢያንስ ሦስተኛውን መዝገብ በእጁ ይዞ ነው የሚምለው። ቀጥሎ የግላዊነት ደንቡ ስለ አይፒ አድራሻና ስለ ሰዓት በግልጽ ምን እንደሚል ያንብቡ፤ ዝም ካለ ዝምታውን እንደ መልስ ይቁጠሩት። ከዚያ ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ ጠይቆት ያውቅ እንደሆነና ምን እንደሰጠ ይፈልጉ። ኦዲቱን በመጨረሻ ያንብቡት።

ለተራ ዜና ንባብ ይህ ሁሉ ጣጣ ሊበዛ ይችላል። በጻፈው ሊታሰር ለሚችል ሰው ግን «መዝገብ አንይዝም» የሚለው ቃል ዋስ ሊሆነው አይችልም።